‹‹የበዓል ሰላምታ መስሎኝ ነው››

ቅዳሜ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ከመካከላችን አንዷ ስልኳን ሁለት ጊዜ አንስታ መልሳ አስቀመጠችና በሦስተኛው ለቀድሞ መምህሯ ደወለች። ለማስተርስ ስታመለክት ሁለት የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ተጠይቃለች። አንዱ ገብቷል። ሁለተኛው የእኚህ መምህር ነው። ቀነ ገደቡ ደግሞ በዋዜማው፣ ዓርብ 11 ሰዓት ላይ አልፏል። ኢሜይሉን የላከችው ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት ነበር።

መምህሩ ስልኩን በደስታ አነሱት። ‹‹ልጄ፣ የላክሽውን እኮ አይቼዋለሁ፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የበዓል ሰላምታ መስሎኝ ነው፤ ተረጋግቼ እመልስላታለሁ ብዬ አቆየሁት።››

ምን ትበል? ‹‹አይ፣ ምንም አይደል፤ እርስዎ ደኅና ነዎት?›› ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኛ መጣችና እንደ ወጉ መምህሩን ልናማ ተቀመጥን። ‹‹እንዴት አንድ ኢሜይል እስከ መጨረሻው አያነቡም?›› ማለት ጀመርን። ሐሜቱ የቆመው አንዳችን ‹‹እስቲ የላክሽውን አሳይን›› ያለ ጊዜ ነው።

ርዕሱ ‹‹ሰላም›› ይላል። ቀጥሎ እንዲህ ይነበባል፦

‹‹ውድ መምህሬ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረስዎ። ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? ቤተሰብስ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ።››

ሁለተኛው አንቀጽ ከተመረቀች ወዲህ የት የት እንደሠራች ይተርካል። ሦስተኛው ስለ ማስተርስ ማሰብ የጀመረችው መቼና ለምን እንደሆነ ያስረዳል። ጥያቄው የመጣው በአራተኛው አንቀጽ ነው። እኛ በስልክ ቆጥረን ሃያ አንደኛው መስመር ላይ አገኘነው፦

‹‹በመሆኑም ከላይ በገለጽኩት ምክንያት፣ እርስዎም ያስተማሩኝና የመመረቂያ ጽሑፌንም ያማከሩኝ እንደመሆንዎ መጠን፣ ጊዜዎን የሚሻማ እንደሆነ ባውቅም፣ የሚቻልዎ ከሆነ ይህንኑ በተመለከተ አንድ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ስል በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ።››

ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ‹‹ማሳሰቢያ፦ የመጨረሻው ቀን ጃንዋሪ 30 ነው መሰለኝ›› የምትል አንዲት መስመር አለች።

እንግዲህ ፍረዱ። መምህሩ ይህን ያዩት ጥር 12፣ በጥምቀት ማግስት፣ በስልካቸው ነው። ስልክ ላይ የኢሜይል ሳጥን ሲከፈት የሚታየው የላኪው ስም፣ ርዕሱና የመልእክቱ መጀመሪያ ብቻ ነው። እሳቸው ያዩት የተማሪያቸውን ስም፣ ‹‹ሰላም›› የሚል ርዕስና ‹‹እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ›› የሚል ሰላምታ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ‹‹ይህቺ ልጅ ደብዳቤ ፈልጋ ነው፤ ቀኑም ዓርብ ነው›› የሚል ሰው ካለ ጠንቋይ እንጂ መምህር አይደለም። እሳቸው ማንበብ ያለባቸውን አንብበዋል። ጥፋቱ የእኛ ነው።

‹‹የእኛ›› የምንለው ሁላችንም እንዲሁ ስለምንጽፍ ነው። እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች እንኳ! አራት ዓመት ሙሉ ዋናው ነገር የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ ሲባልልን፣ የተገለበጠ ፒራሚድ በሰሌዳ ላይ ሲሣልልን የኖርን ልጆች፣ ኢሜይል ስንከፍት ፒራሚዱን መልሰን እናቆመዋለን።

ለምን? የመጀመሪያው ሰበባችን ተረት ነው። ‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ›› እንላለን። ከተረቱ ጠብ የለንም። ችግሩ ያለቦታው መጠቀሳችን ነው። ሽማግሌ ሆነው ሴት ልጅ ሊጠይቁ የሄዱ አባቶች ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ጤናው አውርተው በመጨረሻ ‹‹የመጣንበት ጉዳይ›› ሲሉ ያምርባቸዋል። የሚያምረው ግን ባለቤቱ ፊት ለፊታቸው ስለተቀመጠ ነው። ቡናው እስኪፈላ የትም አይሄድም፤ ገና ሲገቡ ለምን እንደመጡም ያውቃል። የኢሜይል አንባቢ አልተቀመጠም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፣ ስብሰባ ላይ ነው፣ ከእኛ መልእክት በላይና በታች የሌሎች ሰዎች መልእክት ተደርድሮበታል። በአንድ ጣት ገፋ ካደረገን አለቀ።

ሁለተኛው ሰበባችን ትህትና ነው። ‹‹ገና ከመግባታችን ስጡን እንበል እንዴ?›› የሚል ተቃውሞ እንሰማለን። አንድ መስመር ሰላምታ ማን ከለከለ? ሰላምታው ይቅደም፤ ጥያቄው ወዲያው ይከተል። ደግሞስ ትልቅን ሰው ሃያ መስመር አስነብቦ ሃያ አንደኛው ላይ ሥራ ማሸከም ምኑ ነው ትህትና? ትሑት ሰው የሌላውን ጊዜ ይቆጥባል፤ እምቢ ለማለትም በር ይከፍታል። የእኛ ‹‹በታላቅ ትህትና›› ግን አንባቢውን አድክሞ፣ አለመጻፉንም አሳፋሪ አድርጎ የሚያስር ገመድ ነው።

ሦስተኛውን ሰበብ ማንም አያነሣውም፤ እውነተኛው ግን እሱ ነው። መጻፍ ስንጀምር የምንፈልገውን በቅጡ አናውቀውም። እየጻፍን እናስባለን፤ አስበን ስንጨርስ ጥያቄው ይወጣል፤ በወጣበት ቦታም ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው ረቂቁ መጨረሻ ላይ መገኘቱ ነውር የለበትም። ነውሩ ረቂቁን እንዳለ መላክ ነው።

የሚገርመው የአገራችን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መድኃኒቱን ይዞ ነው የተፈጠረው። ከአንቀጹ በላይ ‹‹ጉዳዩ፦›› የምትል መስመር አለችው። አንባቢው ገና ሳይጀምር የመጣበትን እንዲያውቅ ነው እኮ የተቀመጠችው። እኛ ግን እዚያች መስመር ላይ ‹‹ትብብር ስለመጠየቅ›› ብለን እንጽፍና እንገድላታለን። ምን ትብብር? ከማን? እስከ መቼ? መልሱን ለማግኘት ‹‹ከላይ በጉዳዩ ለመግለጽ እንደተሞከረው›› የሚለውን ጫካ መግባት ግድ ነው። ኢሜይል ስንጽፍ ደግሞ እሷንም ጥለን ‹‹ሰላም›› አልን።

በዚያው ቅዳሜ የጓደኛችንን ኢሜይል ይዘን አስተካከልነው። ‹‹ወደ ላይ አውጪው›› ማለት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን አንድ ችግር ይገጥማል። ያ ረጅም ዓረፍተ ነገር እንዳለ ተቆርጦ ላይ ቢለጠፍ አይቆምም። ‹‹በመሆኑም›› ብሎ ይጀምራል፤ ከምን በመነሣት? ‹‹ከላይ በገለጽኩት›› ይላል፤ ከላዩ ምንም የለም። ‹‹ይህንኑ›› ይላል፤ የትኛውን? በዚያ ላይ በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ነው። ‹‹እንደመሆንዎ መጠን››ና ‹‹ባውቅም›› በተደረደሩ ቁጥር አንባቢው ‹‹ቢጽፉልኝ›› የምትለውን ቃል ሳይደርስባት ይደክማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ‹‹ቢጽፉልኝ›› የምትለዋን ግስ ፈልገን አወጣናት። ከዚያ ከፊቷ የተጫነውን ሁሉ አራገፍን። ‹‹ይህንኑ››ን በስሙ ተካነው፦ ለማስተርስ ማመልከቻ የሚሆን የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ። ቀጥለን ቀኑን አጠራነው። ‹‹ነው መሰለኝ›› ወጣ። በሁለት አቆጣጠር የምንኖር ሰዎች ነንና ቀኑን በሁለቱም፣ ከሳምንቱ ቀን ጋር ጻፍነው፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። ሰዓቱንም እንዲሁ። ቅጹ ላይ ከሰዓት በኋላ 5 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ቆጠራ 11 ሰዓት ነው፤ ‹‹5 ሰዓት›› ብላ ብትልክላቸው ኖሮ መምህሩ ረፋዱን ይመስላቸው ነበር። የወጣው ይህ ነው፦

‹‹ርዕስ፦ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ጥያቄ፣ እስከ ዓርብ ጥር 22

ውድ መምህሬ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረስዎ። ለማስተርስ ማመልከቻዬ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ልጠይቅዎ ነው። ደብዳቤው ዩኒቨርሲቲው በሚልክልዎ ሊንክ በኩል እስከ ዓርብ ጥር 22፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 30፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ መግባት አለበት። የማይመችዎ ከሆነ እስከ ሐሙስ ጥር 14 ቢነግሩኝ ሌላ መምህር እጠይቃለሁ።››

ከዚህ በታች ለመጻፍ የሚረዷቸው ነገሮች ይከተላሉ፦ የትኛውን ኮርስ እንዳስተማሯት፣ የመመረቂያ ጽሑፏ ርዕስ፣ ሲቪዋ። የሕይወት ታሪኩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። አልጠፋም፤ ጊዜ ያለው ሰው ያነበዋል። ታች የነበረውን አሮጌ ጥያቄ ግን ሰረዝነው። ሁለት ቦታ የተጻፈ ጥያቄ፣ አንዱ ሲታረም ሌላው አሮጌ ቀን ይዞ ይቀራል።

‹‹እስከ ሐሙስ ጥር 14›› የምትለዋን ልብ በሉልን። መምህሩ ባይችሉ ጓደኛችን ሌላ ሰው ለመፈለግ ስምንት ቀን ይተርፋታል። መልስ ሳይመጣ ቢቀርም ሐሙስ ማታ ደውላ ለማስታወስ ምክንያት አላት። በመጀመሪያው ኢሜይል ‹‹ዳግመኛ መጻፍ ድፍረት ይሆንብኛል›› ብላ ነበር ዝም ያለችው።

ኢሜይላችሁ መዳኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከሰላምታው ቀጥሎ ካሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በታች ያለውን በእጃችሁ ሸፍኑት። የቀረውን ብቻ ያነበበ ሰው ምን እንደሚያደርግና እስከ መቼ እንደሚያደርግ ካወቀ ላኩት። ካላወቀ ገና ረቂቅ ነው።

ይህን ሕግ በሁሉም ቦታ አትጫኑት። ሐዘን ለደረሰበት ሰው ስትጽፉ ጥያቄ አይቀድምም፤ ጨርሶ ባይገባበትም ይሻላል። ከአለቃችሁ ጋር የተኳረፋችሁበት ጉዳይም በኢሜይል የመጀመሪያ መስመር አይፈታም፤ እዚያ ነገርን ከሥሩ ማለት፣ ያውም ፊት ለፊት፣ ያስፈልጋል። ሦስት የማይገናኙ ጥያቄዎችን አናት ላይ ብትደረድሩም አንባቢው ቀላሉን መልሶ ሁለቱን ይረሳል፤ እነሱን ለየብቻ ላኩ።

የጓደኛችን ማመልከቻ ያንን ዓመት ሳይሟላ ቀረ። መምህሩ ነገሩ ኋላ ሲገባቸው ራሳቸው ደውለው አዘኑ። ‹‹ልጄ፣ ምነው መጀመሪያ ላይ ብትነግሪኝ?›› አሏት። እሷ ነግሬያቸዋለሁ ብላ ታስብ ነበር፤ ሃያ አንደኛው መስመር ላይ።