ከ145 ሴንቲ ሜትር በታች

ክቡራን የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች፦

በሠራሁባቸው ጤና ጣቢያዎች ነፍሰ ጡር እናት ለመጀመሪያ ክትትል ስትመጣ ክብደቷ ይመዘናል፣ የደም ግፊቷ ይለካል። ቁመቷ ግን ወይ ይረሳል፣ ወይ ካርዱ ላይ ተጽፎ ማንም ሳያየው ይቀራል።

የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ ቁመቷ 143 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ19 ዓመት ወጣት እናስብ። በልጅነቷ የቀነጨረች ከሆነ ዳሌዋም የመጥበብ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ምጡ ይበረታል፤ የሕፃኑ ጭንቅላት ግን አይወርድም። ሆዷ ሲዳሰስ አብዛኛው ጭንቅላት ከዳሌው አጥንት በላይ እንዳለ ነው፤ ከውስጥ ሲመረመር የራስ ቅሉ አጥንቶች ተደራርበዋል፣ ቆዳውም አብጧል። ያ እብጠት ጭንቅላቱ የወረደ አስመስሎ ልምድ ያለውን እጅ እንኳ ያታልላል። እዚህ ላይ ኦክሲቶሲን መስጠት ማኅፀኗን ሊቀድ ይችላል። የሚያስፈልጋት ቀዶ ጥገና ነው። ከዘገየ ጭንቅላቱ ፊኛዋን ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ሥጋውን ይገድለዋል፤ ከቀናት በኋላ ሽንቷ ያለማቋረጥ መፍሰስ ይጀምራል። ፌስቱላ የምንለው ይህ ነው።

የዚህችው እናት ልጅ ግን ትንሽ ሆኖ ሊወለድም ይችላል። ከ145 በታች የሆኑ እናቶች ለእርግዝናው ጊዜ የሚያንስ ሕፃን የመውለድ ዕድላቸው በድሃ አገሮች ከሌሎች ከፍ ብሎ ታይቷል። ብዙ ሴቶች ይህን እንደ መፍትሔ ስለሚቆጥሩት «ልጁ እንዳይገዝፍ» ብለው ምግብ ይቀንሳሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ስሌቱ ነው የሚሳሳተው። ምግብ ሲያጥር የፅንሱ ሰውነት ከሁሉ በፊት ለአንጎል ያደላል። ስለዚህ የሚከሳው ሥጋው እንጂ ጭንቅላቱ ያን ያህል አይደለም። የሚያስቸግረው ጭንቅላት ብዙም ሳይቀንስ፣ ረጅም ምጥ የሚቋቋምበት ስንቅ የሌለው ከ2500 ግራም በታች የሆነ ሕፃን ይወለዳል።

ቁመት ብቻውን ፍርድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አብዛኞቹ አጫጭር እናቶች በራሳቸው ይወልዳሉ፤ ረጃጅሞችም ምጥ ይጠናባቸዋል። ስለዚህ ሁሉም በቀዶ ጥገና ይውለዱ አልልም፤ የማኅፀን ጠባሳ ለሚቀጥለው እርግዝና፣ በተለይ ከሆስፒታል ለራቀች ሴት፣ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ቁመቱ የሚነግረን የት ትውለድ የሚለውን ነው።

ጉራጌ ውስጥ የአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስጊ እርግዝና ያላቸውን እናቶች ከምጥ በፊት በግቢው ያሳርፋል። ዛሬ ግን ብዙዎቹ የእናቶች ማቆያዎች ያሉት ቀዶ ጥገና በሌለበት ጤና ጣቢያ ነው። ለዚህች ወጣት እዚያ መሰንበት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ያለውን መንገድ አያሳጥርላትም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ክትትል ቁመት መለካት ግዴታ ይሁን። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችና ከ145 በታች የሆነች ሴት ከመውለጃዋ ሁለት ሳምንት በፊት ቀዶ ጥገና ወዳለው ሆስፒታል ማቆያ ትላክ፤ እዚያ የምትበላውም በጀት ይያዝለት። ወሰኑ 145 ይሁን 150 ባለሙያዎቻችሁ ይወስኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አዋላጅ ነርስ