ወላሂ የሚያበዛው ሐጂ እና እሺ የምትለው ሠራተኛ



ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ወንድማችን የጻፈውን ድራማ ይዞልን መጣ። «አንብቡልኝና ከዲን አንጻር ስሕተት ካለበት ንገሩኝ» አለን። አነበብንለት። ከዲን አንጻር የሚያስከፋ ነገር አላገኘንበትም። ያገኘንበት ስሕተት የአነጋገር ነው፤ እሱም የዚህ ልጅ ብቻ ሳይሆን በየቴሌቪዥኑ ስናየው የኖርነው ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልፈለግንም።

ድራማው ውስጥ አንድ ሐጂ አለ፤ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሚስቱ ነጃት አለች። ከገጠር የመጣች ዘይነባ የምትባል የቤት ሠራተኛም አለች። ሐጂው አፉን በከፈተ ቁጥር «ወላሂ» ይላል። ነጃት ትጮኻለች፣ ትሳደባለች። ዘይነባ አማርኛዋ የተንጋደደ ነው፤ «አንተ» እና «አንቺ» ይምታታባታል፣ ተመልካች ይስቅባታል፣ ከዚያ ታለቅሳለች። በቃ። ደራሲው ሐጂው ሙስሊም መሆኑን፣ ነጃት ክፉ መሆኗን፣ ዘይነባ ድሃ መሆኗን ነገረን። ይህን ግን ከአለባበሳቸው ቀድመን አውቀነው ነበር።

እንዲህ ያለው አጻጻፍ ስንፍና ነው እንላለን። ንግግርን እንደ ኮፍያ በሰው ራስ ላይ መድፋት ነው። ሰው ሲናገር የሚገለጠው ከየት እንደመጣ ብቻ አይደለም፤ ማንን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚንቅ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚደብቅም ይገለጣል።

ከ«ወላሂ» እንጀምር። መድረሳ ገብቶ በላጋ የቀራ ሰው መጀመሪያ ላይ ከሚያገኛቸው ትምህርቶች አንዱ፣ ወሬ እንደ ሰሚው ሁኔታ ይነገራል የሚለው ነው። ሰሚው ስለ ነገሩ ምንም ሐሳብ ከሌለው «ልጁ መጥቷል» ይበቃዋል። ከተጠራጠረ «በእርግጥ መጥቷል» ተብሎ ትንሽ ይጠናከርለታል። «አልመጣም» ብሎ የሚከራከር ከሆነ ግን ማጠናከሩ ግድ ይሆናል፤ መሐላም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ኢብቲዳኢይ፣ ሁለተኛውን ጠለቢይ፣ ሦስተኛውን ኢንካሪይ ይሉታል። ስሙን መያዝ አያስፈልግም፤ ሐሳቡን መያዝ ነው።

እንግዲህ ማንም ሳይክደው የሚምልን ሰው እንየው። አንዲት ሴት ሱቅ ገብታ «ይሄ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ነጋዴው «ወላሂ በመጣበት ዋጋ ነው የምሰጥሽ» አላት። ስለ ትርፉ ማን ጠየቀው? እሷ ዋጋ ነው የጠየቀችው። መሐላው ያልተነሳ ክርክር መለሰ፤ ክርክሩ ያለው በነጋዴው ልብ ውስጥ ነው። ወንድማችን ሐጂውን ታማኝ ሽማግሌ አድርጎ ሊያሳየን ነበር ሐሳቡ። በየመስመሩ እያስማለ ግን ሳያስበው አጭበርባሪ አደረገው። ተመልካቹ በላጋ ባይቀራም ይህንን በጆሮው ያውቃል።

«ግን እኮ ከልማድ ብቻ የሚምል ሰው አለ» አለን። አለ፤ እያንዳንዳችን ቤት አለ። እንዲህ ያለውን ሰው የሚጽፍ ደራሲ ሥራው ታዲያ ሌላ ነው፦ «ወላሂ» የሚቀርበትን ቦታ መምረጥ። ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትልቁ ሲምል የዋለ ሰው ልጁ «አባዬ፣ ብሩን አንተ ነህ የወሰድከው?» ስትለው «አይደለሁም» ብቻ ካለ፣ ተመልካቹ ቀና ብሎ ይቀመጣል።

ወደ ዘይነባ እንምጣ። የተንጋደደ አማርኛዋ የሚነግረን የተወለደችበትን አገር ነው እንጂ በዚያ ቤት ያላትን ቦታ አይደለም። ተመሳሳይ አነጋገር ያለው የገጠር ባለሀብት መርካቶ መጥቶ ሲገበያይ ሱቁ ሁሉ ይነሳለታል። በአማርኛ የሰውን ቦታ የሚናገረው ማን ማንን «አንቺ» ይላል፣ ማን ማንን «እርስዎ» ይላል፣ ማን ይጠይቃል፣ ማን ይመልሳል የሚለው ነው። የጥያቄው መልክ ራሱ ደረጃ አለው፤ «አምጪ»፣ «አምጪልኝ»፣ «ታመጪልኛለሽ?»፣ «ቢያመጡልኝ» እኩል አይደሉም።

የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እናስታውስ። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬድዮ ሲተርከው ደግሞ ያላነበበውም ሰው ሰማው። ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሳ የአንድ አካባቢ ሰዎች ናቸው፣ ዘመዳሞችም ናቸው። የሚለያዩት በቅላጼ አይደለም። አንዱ የሚናገረው የሚታዘዝለት ሰው ሆኖ ነው፤ ሌላው ማንም የማይለውን ስለሚል ስሙ «ጉዱ» ሆነ።

ከወንድማችን ጋር ተቀምጠን የዘይነባንና የነጃትን አንድ ትዕይንት እንደገና ጻፍነው። ስድቡን በሙሉ አወጣነው። ዘይነባም እንደማንኛችንም ጥርት ያለ አማርኛ ትናገር አልን። ጉዳዩ ይህ ነው፦ እናቷ ታማለች፣ ሦስት ወር ደመወዟ አልተከፈላትም።

«እትዬ፣ እናቴ ታማብኛለች ብለው ደወሉልኝ።»
«አላህ ያሽራት። መቼ ነው የደወሉልሽ?»
«ትናንት ማታ።»
«ትናንት ደውለውልሽ ዛሬ ትነግሪኛለሽ? እኔ እናትሽ አይደለሁም?»
«ነዎት እትዬ። ይቅርታ።»
«ቅዳሜ እንግዳ እንዳለብኝ ታውቂያለሽ አይደል?»
«አውቃለሁ። የሦስት ወሩን ደመወዝ ቢሰጡኝ ብዬ ነበር።»
«እኛ የሰው ሐቅ የምንበላ ሰዎች ነን?»
«ኧረ እንደሱ አላልኩም እትዬ።»
«እንዳታባክኚው ብዬ እኮ ነው ያስቀመጥኩልሽ። ከቅዳሜ በኋላ ኢንሻአላህ እናወራለን።»
«እሺ እትዬ።»

ዘይነባ ወጣች። ነጃት ስልኳን አንስታ ለእህቷ ደወለች፦ «ልጅቷ ልትሄድብኝ ነው፤ ያውም በዚህ ሳምንት!»

እዚህ ውስጥ ጩኸት የለም። ዱዓም አለ፣ «እናትሽ ነኝ»ም አለ። ግን ቁጠሩት፤ ነጃት ከመጨረሻው በቀር በተናገረች ቁጥር ትጠይቃለች፣ ዘይነባ ትመልሳለች። ሐቋን ልትጠይቅ የገባችው ልጅ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ደመወዝ የሚለው ቃል እስኪነሳ ድረስ ነጃት «እኔ» ነበረች፤ ሲነሳ «እኛ» ሆነች። የቤተሰቡን ክብር ሁሉ ከኋላዋ አሰለፈች፣ የገንዘብ ጥያቄውም የስም ማጥፋት ክስ መሰለ።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ትንንሽ ፊደሎችን እንድታዩልን እንፈልጋለን፦ «ል»ን እና «ብ»ን። አማርኛ በግሡ ውስጥ ነገሩ ለማን እንደሆነና በማን ላይ እንደሆነ ይጽፋል። ነጃት ያልከፈለችውን ገንዘብ «ያስቀመጥኩልሽ» አለችው፤ መከልከሏ ለዘይነባ የተደረገ ውለታ ሆነ። የዘይነባን መሄድ ደግሞ «ልትሄድብኝ» አለችው፤ የሌላ ሰው እናት መታመም በነጃት ላይ የደረሰ ጉዳት ሆነ። ዘይነባም «ታማብኛለች» ብላለች፤ የእሷ «ብ» ግን የሐዘን ነው። አንድ ፊደል ነው፤ በአንዷ አፍ ፍቅር፣ በሌላዋ አፍ ስሌት። ይህን የመሰለ መሣሪያ ያለው ቋንቋ ይዞ ክፋትን በስድብ ብቻ የሚያሳይ ደራሲ ያናድደናል።

«ኢንሻአላህ»ንም አንለፈው፤ የእኛው ጉድ ነውና። ቀጠሮ ተቆርጦ «ቅዳሜ ጠዋት ኢንሻአላህ» ሲባል የቃሉ ቦታ ነው። ቀንም መጠንም ሳይነገር «ኢንሻአላህ እናወራለን» ሲባል ግን ሰውየው የራሱን እምቢታ በአላህ ስም ሸፍኖታል። የድራማ ጸሐፊዎች ቃሉን ለሙስሊም ገጸ ባሕርይ ጌጥ አድርገው ይረጩታል፤ ተበዳሪ፣ አሠሪና ደላላ በቃሉ ምን እንደሚያደርጉበት ግን ቆም ብለው አይሰሙም።

አንድ ነገር ላይ እንጠንቀቅ። «አንተ» ሁልጊዜ ንቀት አይደለም፣ «እርስዎ»ም ሁልጊዜ አክብሮት አይደለም። አባቱን «አንተ» እያለ በፍቅር የሚያድግ ልጅ አለ። ባሏን በአንቱታ የምትጠራ አሮጊት ቤቱን በሙሉ የምታዝበት ጊዜ አለ። «እትዬ»ም በአንዱ ቤት ለታላቅ እህት የሚባል የፍቅር ቃል ነው፣ በሌላው የሠራተኛ ቃል ነው። ስለዚህ ደራሲው መጀመሪያ የዚያን ቤት ልማድ ያሳየን። ትርጉም የሚወጣው ልማዱ ሲሰበር ነው።

ወንድማችን በዚህ ላይ ተከራከረን። በመጨረሻው ትዕይንት ዘይነባ ነጃትን «አንቺ» ብላ እንድትጮህባት ፈልጎ ነበር፤ «ተመልካች ያጨበጭባል» አለን። ያጨበጭብ ይሆናል፤ ግን ያቺን ልጅ አያምናትም። ዓመታት «እርስዎ» ስትል የኖረች ልጅ በአንድ ጀምበር አትገለበጥም። እኛ ያልነው ሁለት ቃል ብቻ ትተው ነው። ነጃት «ከቅዳሜ በኋላ እናወራለን» ስትላት፣ ዘይነባ በር ላይ ቆማ «የሦስት ወር ነው» ትላለች። «እሺ» የለም። «እትዬ» የለም። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ ድምፅዋም አልጨመረም።

ዝም ብሎ ሄደ። የተቀየመን መስሎን ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱን ጽሑፍ ይዞ መጣ። ከሐጂው አፍ «ወላሂ»ን ጠራርጎ አውጥቶታል፤ በጠቅላላው ድራማ አንድ ብቻ ቀርታለች፣ እሷንም ለነጃት ሰጥቷታል። ሐጂው እራት ላይ እንጀራውን እየቆረሰ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «የልጅቷን ደመወዝ ሰጠሻት?» ይላታል። እሷም «ወላሂ ሰጥቻታለሁ» ትለዋለች። ሐጂው የጠየቀው ሳይጠራጠር ነበር።