«14» የሚል ማህተም ያለው ሁሉ 14 ካራት አይደለም

የቡናውን ዋጋ ማታ እመለስበታለሁ፤ አሁን ስለ ወርቅ እናውራ። አንድ የበቆሎ ደንበኛዬ ቀሪ ሂሳቡን እስኪከፍለኝ ድረስ የአንገት ሐብል በመያዣነት ይዞልኝ መጣ። እህቱ ከአሜሪካ የላከችለት ነው፤ ሲመዘን 20 ግራም። «14 ካራት ነው፣ ማህተሙን እየው» አለኝ። እውነትም 14 ይላል። ግን ከፊቱ 1/20፣ ከኋላው ደግሞ ጂ ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ካራት ማለት ከ24 እጅ ስንቱ ንጹህ ወርቅ ነው ማለት ነው። 18 ካራት 75 በመቶ ነው፣ ማህተሙ 750 ሊል ይችላል። 14 ካራት 58 በመቶ ገደማ፣ ማህተሙ 585። የቀረው መዳብ፣ ብርና ሌላ ብረት ነው። ስለዚህ ሐብሉ ሙሉ 14 ካራት ቢሆን ኖሮ ከ11 ግራም ተኩል በላይ ንጹህ ወርቅ ይኖረው ነበር።

ጂ ኤፍ ግን «ጎልድ ፊልድ» ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ውስጡ ወርቅ አልተሞላም። ነሐስ ላይ የወርቅ ሽፋን በሙቀትና በግፊት ተለብጦበት ነው። 1/20 ማለት ከክብደቱ ከ20 አንዱ እጅ ብቻ 14 ካራት ነው። ከ20 ግራም 1 ግራም፤ እሱም ንጹሁ 0.58 ግራም። ጂ ፒ የሚል ካያችሁ ደግሞ ቅብ ነው። የሽፋኑ ውፍረት በማይክሮን ስለሚለካ ለመያዣ የሚመዘን ነገር የለውም።

ድንጋይ ላይ ፈትጎ በአሲድ ማየት ብቻውን አይበቃም። የልብጡ ሽፋን ወፍራም ስለሆነ ላይ ላዩን 14 ካራት ብሎ ያልፋል፤ በሞረድ ጫር ተደርጎ ውስጡ መታየት አለበት። መሞረድ ካልፈለጋችሁ በውሃ ሞክሩ። በብርጭቆ ውሃ አድርጋችሁ የግራም ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ሐብሉን በቀጭን ክር አስራችሁ ታችና ጎኑን ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። 20 ግራም 14 ካራት ከሆነ ሚዛኑ 1.5 አካባቢ ያነባል። የኛው 2.3 አነበበ፤ ነሐስ ቀላል ስለሆነ ብዙ ቦታ ይይዛል። ፈርጥ ያለበት ወይም ውስጡ ባዶ የሆነ ጌጥ ላይ ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም።

ደንበኛዬ አልዋሸኝም፣ እሱም አያውቅም ነበር። ቢሆንም የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ቡና ስንረከብ እርጥበቱን ሳናይ ዋጋ አንቆርጥም፤ የመያዣ ውል ላይም «ሐብል፣ 20 ግራም» ብሎ መጻፍ ይቅር። ማህተሙ እንዳለ ከነፊደሉ ይገልበጥ፣ የንጹህ ወርቁም ግራም ይጻፍ። የወርቅ ዋጋ የምትለጥፉ ቻናሎችም «በግራም ይህን ያህል» ስትሉ የስንት ካራት እንደሆነ ጨምሩበት።

ሐብሉን መለስኩለት። በምትኩ መጋዘን ካለው በቆሎ 10 ኩንታል በስሜ አስያዘልኝ።