ሕመም ሲረዝም የሚያጥር ደመወዝ

በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በወር 6,000 ብር የሚከፈላቸው ሁለት ሠራተኞች አሉ እንበል። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ሁለቱም በመኪና አደጋ የጭን አጥንታቸው ይሰበራል፤ ሐኪምም ለሁለቱም የ6 ወር ፈቃድ ይጽፍላቸዋል። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያው የተሳፈረው ድርጅቱ ባዘጋጀው ሰርቪስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰርቪሱ አምልጦት በታክሲ ነበር የሚሄደው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሰርቪስ ላይ የደረሰው አደጋ በሥራ ላይ እንደደረሰ ጉዳት ይቆጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሠራተኛ 3 ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጥሎ 3 ወር ቢያንስ 75 በመቶውን ያገኛል፤ ድምሩ 31,500 ብር ይሆናል። የሕክምና ወጪውንም አሠሪው ይችለዋል። በታክሲ የሄደው ግን የሚስተናገደው በተራ የሕመም ፈቃድ ነው፦ 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ 2 ወር በግማሽ፣ የቀረው 3 ወር ያለ ክፍያ። ድምሩ 12,000 ብር ነው። የተሰበረው አጥንት አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ሠራተኛ ግማሽ ዓመቱን በ2 ወር ደመወዝ እንዲገፋ ይጠበቃል።

አሠሪው ሥራው ለሚያስከትለው አደጋ የበለጠ ኃላፊነት መሸከሙ ተገቢ ነው፤ ይህን አልከራከርም። ልዩነቱ ሊያሳየን የሚገባው ግን ማን እንደሚከፍል እንጂ ታማሚው ይብላ ወይም አይብላ የሚለውን አይደለም። ተራው የሕመም ፈቃድ የተዋቀረው ከሕመም ጠባይ ጋር በተቃራኒው ነው። በመጀመሪያው ወር ቤት ውስጥ ጥቂት ጥሪት ይኖራል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ዕድሩም ይረዳል። በአራተኛው ወር ጥሪቱ አልቋል፣ ብድሩ ተከማችቷል፣ የቤት ኪራዩ ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። ሕጉ ክፍያውን ጨርሶ የሚያቆመው ልክ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው። የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ቢሰጥም ምግቡና ትራንስፖርቱ ነጻ አይደሉም። ብዙ ታማሚ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል፤ ሕመሙ የጸናበት ግን ገቢው ሲቋረጥ ወይ ሳይድን ይመለሳል፣ ወይ መድኃኒቱን ትቶ የቀን ሥራ ይፈልጋል። ያቋረጠው ነቀርሳ መድኃኒት ተለማምዶ ቢመለስ ደግሞ መዘዙ ለሥራ ባልደረቦቹ ጭምር ይተርፋል።

የመጀመሪያው መቃወሚያ የታወቀ ነው፦ ክፍያው ካልቀነሰ ሰው አሞኛል እያለ ይቀራል። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን የሐሰት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ቀን ነው፤ እነዚህን ቀናት ደግሞ ሕጉ ሙሉ ለሙሉ ይከፍላል። 4 ወር የተኛ ሰው በተደጋጋሚ ተመርምሮ፣ ራጅ ተነሥቶ፣ ከታወቀ የጤና ተቋም የሐኪም ማስረጃ ያመጣ ነው። የክፍያው ቅነሳ እንግዲህ የሚጠረጠረውን አልፎ ሕመሙ የተረጋገጠውን ይቀጣል። አጠራጣሪ ማስረጃ ሲቀርብ መፍትሔው በሌላ ሐኪም ማስመርመር ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል፦ አምስት ሠራተኛ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ላልሠራ ሰው ስንት ወር ይክፈል? ትክክል ነው፤ አይችልም። እኔም ከሦስተኛው ወር በኋላ አሠሪው ይክፈል አልልም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከአሠሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ እየተሰበሰበ ይጠራቀማል፤ ለጊዜያዊ ሕመም ግን ከዚያ የሚመዘዝ ሳንቲም የለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጣው 102ኛ ስምምነት በሕመም ጊዜ ለሚቋረጥ ገቢ ዝቅተኛውን ልክ 45 በመቶ አድርጎታል። ለእኛም ለመጨረሻዎቹ 3 ወራት ግማሽ ደመወዝ የሚሸፍን የጋራ መዋጮ ቢቋቋም ስሌቱ አያስፈራም። 6,000 ብር ከሚከፈላቸው 100 ሠራተኞች አንዱ በዓመት ውስጥ 6 ወር ሙሉ ቢታመም የሚያስፈልገው 9,000 ብር ነው፤ ለ100 ሰው ሲከፋፈል በወር 7 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። የታማሚው ቁጥር በእጥፍ ቢያድግ እንኳ 15 ብር ነው።

ይህን የሚያደርገው ሕግ አውጪው ነው። እስከዚያው ግን አዋጁ ወለሉን እንጂ ጣራውን አላስቀመጠምና፣ የሠራተኛ ማኅበራት በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር የደመወዝ ጭማሪን ብቻ ሳይሆን አራተኛውን ወርም ጠረጴዛው ላይ ያምጡት።