ማሳሰቢያ፦ ታክስ የተካተተበትን ደረሰኝ ለምታወራርዱ ሁሉ

በዶቂና በአካባቢው ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ለምታስተዳድሩ፣ እንዲሁም ወጪያችሁን በደረሰኝ ለምታወራርዱ ወገኖች፦ ከጠቅላላ ድምር ላይ ቫቱን ስትለዩ ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች እንድትጠነቀቁ አጥብቄ አሳስባለሁ።

በግብፅ መደበኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከጁላይ 2017 ወዲህ 14 ከመቶ ነው። አገር ቤት 15 ከመቶ ስለለመድን ሳናስበው ለ1.15 እንዳናካፍል።

ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው። ደረሰኙ 200 ጊኒ ቢል፣ ብዙ ሰው የ200ን 14 ከመቶ ይወስድና ታክሱን 28፣ ዋጋውን 172 ብሎ ይመዘግባል። ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ በ172 ላይ 14 ከመቶ ሲጨመር 196.08 እንጂ 200 አይሆንም። ታክሱ የሚታሰበው በዋጋው ላይ እንጂ ራሱን ታክሱን በያዘው ድምር ላይ አይደለምና። ስለዚህ ድምሩን ለ1.14 አካፍሉ። 200 ለ1.14 ሲካፈል 175.44 ይሆናል፤ ቀሪው 24.56 ታክሱ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከማጠጋጋት ነው። 130 ጊኒ ለ1.14 ሲካፈል 114.0351 ነው፤ ወደ ፒያስተር ሲጠጋ 114.04 ይሆናል። አሁን ታክሱን እንደገና ከ114.04 ላይ በ14 ከመቶ ብታሰሉት 15.97 ይመጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 130.01 ይሆናሉ። ያልከፈላችሁት አንድ ፒያስተር ተወለደ ማለት ነው። በ41 ጊኒ ደረሰኝ ደግሞ በተቃራኒው አንድ ፒያስተር ይጎድላል። መፍትሔው ዋጋውን አንድ ጊዜ ማጠጋጋት፣ ታክሱን ግን በመቀነስ ማግኘት ነው፦ 130 ሲቀነስ 114.04፣ 15.96።

ዕቃዎችን አንድ በአንድ አጠጋግቶ መደመርም ልዩነቱን ያበዛል። የአንድ ባለ16 ጊኒ ዕቃ ዋጋ ያለታክስ 14.04 ነው፤ አሥሩ 140.40 ይሆናሉ። 160ውን በአንድ ላይ ብታካፍሉት ግን 140.35 ነው። ሻጩ በመስመር ካጠጋጋ እናንተም በመስመር፣ በድምር ካጠጋጋ በድምር ሥሩ፤ ሁለቱን አታቀላቅሉ።

በምግብ ቤት ሒሳብ ላይ 12 ከመቶ አገልግሎት ተጨምሮ ታክሱ በሁለቱ ድምር ላይ ከታሰበ፣ ለ1.26 ማካፈል ስህተት ነው። 255.36 ጊኒን መጀመሪያ ለ1.14 አካፍሉ፣ 224 ይሆናል፤ ከዚያ ለ1.12፣ የምግቡ ዋጋ 200 ይወጣል። ለ1.26 ያካፈለ ሰው 202.67 ያገኛል።

በመጨረሻም፣ እንደ ዳቦና ወተት ያሉ ከታክሱ ነፃ የሆኑ ዕቃዎች በደረሰኙ ላይ ካሉ ከማካፈላችሁ በፊት ቀንሷቸው። ደረሰኙ ታክሱን ለብቻው ጽፎ ከሆነ ደግሞ መመዝገብ ያለበት የተጻፈው ነው፤ የእናንተ ስሌት ለማመሳከሪያ ብቻ ይሁን።