ቦነስ ሲሰጡን «ባለቤት ናችሁ» አይበሉን

ነሐሴ ሲጋመስ በአዲስ አበባ ቢሮዎች ኮሪደር ላይ አንድ ጥያቄ መዞር ይጀምራል፤ «ዘንድሮ የስንት ወር ይሰጡን ይሆን?» አንዱ ከፋይናንስ ክፍል ወሬ ቃርሞ «የሁለት ወር ነው» ይላል። ሌላው ቦርዱ ገና አልተሰበሰበም ይላል። የአለቃ ፊት ይነበባል፤ ያልመጣው ገንዘብ በሐሳብ ለልጆች ትምህርት ቤት ይከፈላል። እኛ ቦነስ አንጠላም (ማን ይጠላል!)። የሚያናድደን ይህንኑ ቦነስ «የትርፍ ክፍፍል» ብለው ሲጠሩብን፣ ይባስ ብለው በዓመቱ ማጠቃለያ ግብዣ ላይ «የድርጅቱ ባለቤቶች እናንተ ናችሁ» ሲሉን ነው። ቦነስ፣ የትርፍ ድርሻና ባለቤትነት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚደበላለቁትም በአብዛኛው ለከፋዩ ስለሚመች ነው።

ቦነስ ጉርሻ ነው። መጠኑን የሚያውቀው የአጉራሹ እጅ ነው፤ አነሰ ብሎ መጣላት ደግሞ ነውር ነው። ሕጋችንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም ቦነስን ከደመወዝ ውጭ አድርጎታል። ይህ ደረቅ የሕግ ቃል ሊመስል ይችላል፤ ኪሳችን ውስጥ ግን ይገባል። የሥራ ስንብት ክፍያ ሲሰላ ቦነሱ አይቆጠርም፤ ጡረታችንም የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። በሥራ ውል ወይም በኅብረት ስምምነት ላይ ካልተጻፈ ደግሞ አምና የተሰጠውን ዘንድሮ አምጡ ብሎ መሟገት ከባድ ነው። ግብር ሲሆን ግን ማንም አይረሳውም፤ እንደማንኛውም የቅጥር ገቢ ይቆረጥበታል።

የትርፍ ድርሻ የሚለየው በብሩ ብዛት አይደለም። ከቦነስ ያነሰ ሊሆንም ይችላል። ልዩነቱ ስሌቱ ዓመቱ ሳይጀመር የተጻፈ መሆኑ ላይ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ፈረንሳይ ናት። በደጎል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ሕግ ትላልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ከትርፍ እንዲያካፍሉ አስገደደ። ዛሬ ግዴታው የሚጀምረው ከ50 ሠራተኛ ነው። ስሌቱም ሕጉ ውስጥ ተቀምጧል። ከተጣራው ትርፍ ላይ መጀመሪያ የባለቤቶቹ ካፒታል 5 በመቶ ይነሳል፤ ይህ ገንዘባቸውን ላስቀመጡት ሰዎች የተተወ ነው። የቀረው ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ ደሞዝ ድርጅቱ በራሱ ሥራ ከፈጠረው እሴት ውስጥ ስንት እጅ እንደሆነ ታይቶ በዚያው ይባዛል። የተፈጠረ እሴት ማለት በግርድፉ ከሽያጩ ላይ ከሌላ የተገዛው ዕቃና አገልግሎት ሲቀነስ የሚተርፈው ነው።

ነገሩን ወደ ሰፈራችን እናምጣውና 80 ሠራተኛ ያለው አንድ ፋብሪካ በሐሳባችን እንክፈት። የተጣራ ትርፉ 10 ሚሊዮን ብር፣ የባለቤቶቹ ካፒታል 40 ሚሊዮን፣ የዓመቱ ደሞዝ 12 ሚሊዮን፣ የፈጠረው እሴት 30 ሚሊዮን ይሁን። የካፒታሉ 5 በመቶ 2 ሚሊዮን ነው፤ ከትርፉ ሲነሳ 8 ይቀራል። ግማሹ 4 ሚሊዮን። ደሞዝ ከተፈጠረው እሴት 40 በመቶ ስለሆነ የሠራተኛው ድርሻ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ይመጣል። እኩል እንካፈል ካሉ ለእያንዳንዱ 20 ሺህ ብር ነው፤ በደሞዝ መጠን ማካፈልም ይቻላል። ይኸው ፋብሪካ በሚቀጥለው ዓመት 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ቢያተርፍስ? ከ2 ሚሊዮኑ በታች ስለሆነ ሠራተኛው ምንም አያገኝም። ግን ለምን እንዳላገኘ ያውቃል! የማንንም ፊት አላነበበም፤ አራት ቁጥሮች ብቻ አየ።

ታዲያ ተንኮሉም እዚያው ቁጥሮቹ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ የቤተሰቡን መኪና በድርጅቱ ወጪ ሊያስመዘግብ፣ ለእህት ኩባንያው «የማኔጅመንት ክፍያ» እያለ ትርፉን ሊያሸሽ ይችላል። ትርፉ ከቀለጠ ስሌቱ ቢያምር ምን ዋጋ አለው? በፈረንሳይ የትርፉንና የካፒታሉን ቁጥር የሚያረጋግጠው የግብር መሥሪያ ቤቱ ወይም የሒሳብ መርማሪው ነው። ስለዚህ እኛ አገር «ትርፍ እናካፍላለን» የሚል አሠሪ ሲመጣ ጥያቄያችን «ስንት ፐርሰንት?» ብቻ አይሁን። ከየትኛው ትርፍ? ማን በመረመረው ሒሳብ? ሽያጩ አምና ከነበረው ጨምሮ ትርፉ ካሽቆለቆለ ደግሞ የወጪው ዝርዝር ውስጥ አዲስ የገባው ምን እንደሆነ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ትልቁ ቃል፣ ወደ ባለቤትነት። ከመካከላችን አንዱ የሠራበት የሶፍትዌር ድርጅት (ስሙ ይቅር) የደሞዝ ጭማሪ ሲጠየቅ «1 በመቶ ሼር ሰጥተንሃል» ይል ነበር። ልጁ ሁለት ዓመት ተኩል አመሸ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠራ። ሲለቅ ሼሩን ጠየቀ። በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ስሙ የለም፤ ሼሩን በስንት እንደሚገዙት የሚናገር አንዲት መስመርም የለችም። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነበር። እንዲህ ያለ ማኅበር ደግሞ በሕግ ከ50 በላይ አባል ሊኖረው አይችልም። «ሰማንያችሁም ባለቤት ናችሁ» የሚል ኃ.የተ.የግ.ማ. ካያችሁ ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ እያሾፈ ነው።

እውነተኛው ነገር ምን ይመስላል? ሉዊስ ኬልሶ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1956 የጀመረው፣ አሜሪካኖች «ኢሶፕ» የሚሉት አሠራር አለ። አክሲዮኑ በአደራ ተቋም ስም ይያዛል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ሒሳብ አለው። ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ አይከፍልም። ሕጉ ግን አክሲዮኑ ሙሉ በሙሉ የሠራተኛው የሚሆንበትን ጊዜ ይወስናል፤ ወይ በ3 ዓመት በአንዴ፣ ወይ እየተጠራቀመ እስከ 6 ዓመት። አክሲዮኑ በገበያ የማይሸጥ ከሆነ ገለልተኛ ገማች በየዓመቱ ዋጋ ያወጣለታል፤ ሠራተኛው ሲወጣ ድርጅቱ መልሶ የመግዛት ግዴታ አለበት። እኛ ከሁሉ የሚበልጥብን ይህ የመጨረሻው ነው። መውጫ በር የሌለው አክሲዮን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰርተፊኬት ነው።

በሩ ቢኖርም ግን ቤቱ ሊቃጠል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የዩናይትድ አየር መንገድ ፓይለቶችና መካኒኮች ደሞዛቸውን አስቀንሰው፣ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር በመሆን የኩባንያውን 55 በመቶ ያዙ። በታኅሣሥ 2002 ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ደሞዙም ተቀንሶ ነበር፣ አክሲዮኑም ዋጋ አጣ። ደሞዝና ቁጠባ ባንድ ጣሪያ ሥር ሲቀመጡ የሚመጣው አደጋ ይህ ነው። ስለዚህ አክሲዮን በደሞዝ ላይ ሲጨመር እሰየው፤ በደሞዝ ምትክ ሲመጣ ግን ሠራተኛው ከአሠሪው በላይ እየቆመረ ነው።

አሠሪዎች ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ አላቸው፤ «ሒሳባችንን ለሠራተኛ ካሳየን ምስጢራችን ይወጣል።» ይሁን፣ አያሳዩ። መብታቸው ነው። እንዲያ ከሆነ በነሐሴ የሚሰጡንን በስሙ ቦነስ ይበሉት፤ እኛም አመስግነን እንቀበላለን። «ባለቤት» የምትለዋን ቃል ግን ከግብዣው ንግግር ያውጡልን።