የቅሬታ መቀበያ ወረቀት ላይ የቆጣሪው ቁጥር ይጻፍ

ቅሬታ ይዞ ወደ አገልግሎት መስጫ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመለሰው «ደርሶናል፤ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል ቃል ነው። ማን እንደሚያየው አይነገረውም፤ መቼ እንደሚያየውም አይነገረውም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ሰዓት ወይም በስንት ቀን እንደሚያልቅ ይዘረዝራል። ባለጉዳዩ ግን ግድግዳውን ነቅሎ ወደ ቤቱ አይወስድም። የሚወስደው ወረቀት ነውና ቃል ኪዳኑ እዚያ ላይ መስፈር አለበት እላለሁ። ምን መስፈር እንዳለበት ለማሳየት አንድ ጉዳይ ብቻ ልውሰድ፤ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የመጣ የውሃ ቢል።

አቃቂ ቃሊቲን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው ከአቃቂ ጉድጓዶች ይወጣል፤ የከተማዋ ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያም ቃሊቲ ነው ያለው። ውሃው የሚወጣበትና ፍሳሹ የሚመለስበት ክፍለ ከተማ ነዋሪ ስለ ቢሉ ሲጠይቅ ቀን የተቆረጠለት መልስ ይገባዋል።

እንበልና አንዲት የአቃቂ ነዋሪ በወር ከ14 ሜትር ኩብ በላይ ተጠቅማ አታውቅም። የጥቅምት ቢሏ 64 ሜትር ኩብ ብሎ መጣ። ያለፈው ንባብ 1,412፣ የአሁኑ 1,476 ይላል። ሴትዮዋ ኅዳር 5 ጠዋት ቆጣሪዋን ብትከፍት 1,431 ላይ ቆሟል። ቆጣሪ ወደ ኋላ አይቆጥርም። ስለዚህ ቢሉ ላይ የሰፈረው 1,476 ገና ያልደረሰ ቁጥር ነው፤ አንባቢው 1,426 የሚለውን 2 እንደ 7 አይቶት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ትክክለኛው ፍጆታ እንደ ልማዷ 14 ነበር።

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው ግን ዛሬ ነው። እርሷ በወር 14 ሜትር ኩብ እየተጠቀመች ከቀጠለች፣ ሦስት ወር ገደማ ሲያልፍ ቆጣሪው ራሱ 1,476ን ያልፋል። ያኔ የሚመጣ ባለሙያ ቆጣሪው ላይ ስህተት አያይም፤ «ንባቡ ልክ ነው» ብሎ ቢጽፍም አልዋሸም። ማስረጃው በመዘግየት ጠፍቷል። የውሃ ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ለአንድ ሜትር ኩብ የሚከፈለው ዋጋ የሚጨምርበት ነው፤ 64 ሜትር ኩብን በአንድ ወር መክፈልና በአራት ወር ከፋፍሎ መክፈል አንድ አይደለም። «በኋላ ይካካሳል» የሚለው መልስ ሴትዮዋን ያከስራታል።

የመቀበያው ቅጽ ከሁሉ በፊት ቅሬታው በቀረበበት ዕለት ቆጣሪው ላይ የታየውን ቁጥር የሚይዝ ቦታ ይኑረው የምለው ለዚህ ነው። የስልክ ፎቶ ካላት ይያያዝ። እንደሚከተለው ቢጻፍ ይበቃል፦

«ቅሬታዎን ሐሙስ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4፡30 ተቀብለናል። የቅሬታ ቁጥርዎ ይህ ነው፦ ........ ያቀረቡት፦ የጥቅምት ቢል ከፍጆታዬ በላይ ነው። በዛሬው ዕለት ቆጣሪው ላይ ያዩት ንባብ፦ 1,431። ባለሙያ እስከ ማክሰኞ ኅዳር 10 ድረስ መጥቶ ቆጣሪውን ያያል፤ ከመምጣቱ በፊት ይደውልልዎታል። ውሳኔውን ከነምክንያቱ እስከ ሐሙስ ኅዳር 19 ድረስ በጽሑፍ እንሰጥዎታለን። ጉዳይዎን የሚከታተሉት ........ ናቸው፤ ስልክ ........፤ እሳቸው ከሌሉ ........ ይተኳቸዋል። ውሳኔ እስኪሰጥ ያለፉትን ወራት አማካይ ይክፈሉ፤ በዚህ ቢል ምክንያት ውሃዎ አይቆረጥም። በተባለው ቀን መልስ ካላገኙ ይህን ወረቀት ይዘው የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ያነጋግሩ።»

ቀኖቹ እኔ ለምሳሌ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ለጉብኝቱ ሦስት የሥራ ቀን፣ ለውሳኔው አሥር። ቅርንጫፉ የሚችለውን ቁጥር ይምረጥ፤ ነገር ግን «በ3 የሥራ ቀናት» ብሎ አይተወው። ቅዳሜ ይቆጠራል ወይ? የተቀበሉበት ቀን ራሱ ይቆጠራል ወይ? ባለጉዳዩና ሠራተኛው በዚህ መከራከር የለባቸውም። ጸሐፊዋ ቆጥራ «ማክሰኞ ኅዳር 10» ብላ ትጻፈው። ሰዓት ሲጻፍም «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት» የሚለው አይቅር። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር 10፡30 ብሎ ያተመውን ወረቀት የያዘ ሰው ከሰዓት በኋላ አድርጎ ሊያስበው ይችላል።

ሁለቱን ቀኖች መለየትም ቁም ነገር አለው። ጉብኝቱ ፈጣን መሆን ያለበት ማስረጃው ስለሚያልፍ ነው፤ ውሳኔው ግን ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። ባለሙያው ሲመጣ ቁጥሩ ከቢሉ ጋር የሚጣላ ካልሆነ የግቢው ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጉና ቆጣሪው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይታያል። ከተንቀሳቀሰ ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈስ ውሃ አለ፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ የማይሰማ የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ነው። ይህ ለደንበኛዋ መራራ መልስ ቢሆንም መልስ ነው፤ በማግስቱ ታስጠግናለች። ካልተንቀሳቀሰና ጥርጣሬው ከቀጠለ ቆጣሪው ተፈትቶ መመርመር አለበት፤ አሥር ቀን ላይበቃ ይችላል። ያኔ ሐሙስ ኅዳር 19 ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ የዘገየበትን ምክንያትና አዲሱን ቀን የያዘ ሁለተኛ ወረቀት ይሰጣል። የደንበኞች ቅሬታ አያያዝን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 10002 ቅሬታው እንደደረሰ ወዲያው ለቅሬታ አቅራቢው መረጋገጥ እንዳለበትና ጉዳዩ የደረሰበት ደረጃ ሊነገረው እንደሚገባ ይመክራል።

የሰው ስም ይጻፍ ስል ሠራተኛውን ለማሳጣት አይደለም። ስም የሌለው ወረቀት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል፤ የያዘው ሰው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲዛወር ጉዳዩ አብሮት ይጠፋል። ተተኪ መጻፉም ለዚህ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፤ ቆጣሪውን ያነበበው ሰው የራሱን ንባብ የሚያጣራው ሰው መሆን የለበትም። ሠፈሩን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ እሱን መላክ ይቀላል፤ ደንበኛዋ ግን ከመጀመሪያው ስታየው ተስፋ ትቆርጣለች።

በ906 ለደወለ ሰውም ያው መረጃ በአጭር የስልክ መልእክት ይድረሰው፤ የቅሬታ ቁጥሩ፣ ሁለቱ ቀኖችና ጉዳዩን የሚከታተለው ሰው ስም በሁለት መስመር ያልቃሉ። በዚህ ክፍለ ከተማ በኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ ብዙ ነዋሪዎች ስላሉ ቅጹ በአማርኛም በኦሮምኛም ይዘጋጅ። ጉዳዩ ከቅርንጫፉ አልፎ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ቢሄድ፣ ደንበኛዋ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቷን የምታሳየው በዚህ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ነው።

የቀረው የተከራዮች ነገር ነው። በአቃቂ ብዙ ግቢዎች ውስጥ አንድ ቆጣሪ በአከራይ ስም ሆኖ ቢሉን ብዙ አባወራዎች ይከፋፈሉታል። ውሉ በስሟ ያልሆነች ተከራይ «ባለቤቱ ይምጣ» ተብላ ከተመለሰችና አከራዩ ክፍለ ሀገር ከሆነ ማስረጃው እስከዚያ ያልፋል። ቅጹ «ቅሬታውን ያቀረበው» እና «ውሉ በስሙ ያለው» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይኑሩት። ቅሬታውም ንባቡም ከተከራይዋ ይመዘገባል፤ ጉብኝቱም በቀኑ ይደረጋል። የአከራዩ ፊርማ የሚጠየቀው ቢሉ ተስተካክሎ ገንዘብ የሚመለስ ሲሆን ብቻ ይሁን።